ኮርኒሱ 2.70 ወይስ 2.55? ከኮሪደር በላይ ለሚያልፍ ዳክት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አንደኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የኮርኒስ ፕላኑ 2.70 ሜትር ይላል፤ ሴክሽኑ ደግሞ 2.55። ሜካኒካሉ 60 በ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአየር ዳክት በኮሪደሩ ርዝመት ሙሉ አስምሯል፤ ከፍታ ግን አልጻፈም። ዳክት ሠሪዎቹ ላሜራ ሊቆርጡ ነው። የትኛውን ከፍታ እንያዝ? ዳክቱ ከቢሙ ሥር ይለፍ ወይስ ቢሙን መብሳት ይፈቀድልናል?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም ከፍታ አትያዙ። ኮርኒሱ ከተጠናቀቀው ወለል 2.50 ሜትር ላይ ይሁን። ዳክቱ ከቢሙ ሥር ያልፋል፤ መጠኑ ግን ከ60 በ 35 ወደ 90 በ 25 ሳንቲ ሜትር ይቀየራል። ቢም አይበሳም። ላሜራ ከመቆረጡ በፊት ግን ሳይት ላይ የምትለኩት ነገር አለ፤ እሱን ወደ ታች እጽፈዋለሁ። ምክንያቱን በዝርዝር የማስረዳው ሳይት ላይ አንድ ቁጥር ቢቀየር ሒሳቡን ራሳችሁ መልሳችሁ እንድትሠሩት ነው።

ሥዕሎች ሲጋጩ ቀድሞ የሚነሳው ነገር የሰነዶች ቅድሚያ ነው። ውሉን ገልጦ ትልቁ ስኬል ነው የሚጸናው ወይስ የቅርብ ቀን ያለው ብሎ መፈለግ። ይህ የትኛው ወረቀት እንደሚጸና ይነግራችኋል። ከኮርኒሱ በላይ ቦታ ግን አይፈጥርም። እዚህ ኮሪደር ላይ 2.70ም ቢጸና 2.55ም ቢጸና ዳክቱ አይገባም። ስለዚህ ሒሳቡ መነሳት ያለበት ከኮርኒሱ ሳይሆን ከላይ ነው። ማንም ሊያንቀሳቅሰው ከማይችለው ከቢሙ ታች ተነስተን ወደ ታች እንውረድ፤ ኮርኒሱ የት እንደሚያርፍ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ከፍታዎቹን ሁሉ የምቆጥረው ከተጠናቀቀው ወለል ነው። ስትራክቸራል ሥዕሉ ላይ የስላቡ ታች 3.37 ሜትር ላይ ነው። ኮሪደሩን አቋርጠው የሚያልፉት ቢሞች ታች ደግሞ 3.05 ላይ ነው። የሚያስጨንቀን ስላቡ ሳይሆን ቢሙ ነው። በሁለት ቢም መካከል ብዙ ቦታ ይታያል፤ ዳክቱ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከፍታውን የሚወስንለት ዝቅተኛው ቦታ ብቻ ነው።

ከቢሙ ታች እስከ ዳክቱ የላይኛው ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር እንተዋለን። ዳክቱ ወደ ላይ ሲነሳ ኢንሱሌሽኑ ከኮንክሪቱ ጋር እንዳይፋተግና እንዳይቀደድ ነው። አሁን 3.02 ላይ ነን። ሥዕሉ ላይ 35 ተብሎ የተጻፈው የላሜራው ውስጣዊ ቁመት ነው። የተሰቀለ ዳክት ግን 35 ሆኖ አይቀርም። ከላይም ከታችም ፍላንጅ አለው፣ በላዩ ኢንሱሌሽን ይለበሳል። ለሁለቱ በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር ያዙ። 35 የነበረው 43 ይሆናል፤ ታቹ 2.59 ላይ ይደርሳል። ከሥሩ ዳክቱን የሚሸከመው ቻናል 4 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። 2.55 ደረስን።

ልብ በሉ፣ ሴክሽኑ ላይ ያለው የኮርኒስ ከፍታ ይኸው 2.55 ነው። የኮርኒሱ ፊት ከማንጠልጠያው ቻናል ታች ጋር እኩል መጣ ማለት ነው። ለኮርኒሱ ፍሬም፣ ለጣውላውና ለመብራቱ የቀረ አንድም ሳንቲ ሜትር የለም። ወደ ውስጥ የሚገባው የኮሪደር መብራት ከኮርኒሱ ፊት ወደ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ጣውላውንም አንስቶ አዘንብሎ ለማውጣት ተቀራራቢ ቦታ ያስፈልጋል። ለሁለቱም 12 ብንይዝ ኮርኒሱ 2.43 ላይ ያርፋል። እንግዲህ ባለው ዳክት እውነተኛው ቁጥር 2.43 ነው። ይህ ቁጥር በየትኛውም ሥዕል ላይ የለም።

ታዲያ ኮርኒሱን 2.40 አድርገን ለምን አንጨርስም? ብዙ ሰው ሳይት ላይ የሚወስነው ይህንን ነው፤ ላሜራው አይቀየር፣ ሥራው አይቁም ብሎ። እዚህ ግን የማይሆንበት ምክንያት አለ። የክፍሎቹ በሮች ከላያቸው መስታወት አላቸው፤ የፍሬሙ ጫፍ 2.45 ላይ ነው። ኮርኒሱ 2.40 ከሆነ ፍሬሙን ይቆርጠዋል። በሮቹ ደግሞ ታዝዘዋል። ስለዚህ ኮርኒሱ ከ2.45 በታች መውረድ አይችልም፤ ጠርዙ ላይ የሚዞረው አንግል በንጽሕና እንዲያርፍ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። 2.50 የመጣው ከዚህ ነው። ከላይ ቢም፣ ከታች የበር ፍሬም አለብን፤ በመካከል ሊቀየር የሚችለው የዳክቱ ቅርጽ ብቻ ነው።

ቢሙን ስለመብሳት በግልጽ ልናገር። ሜካኒካል ንዑስ ተቋራጩ ይህን ሐሳብ ደጋግሞ ሊያነሳ ይችላል፤ ሁሉም ነገር በአንዴ የሚፈታ ስለሚመስል። የቢሙ ጠቅላላ ቁመት ስላቡን ጨምሮ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። 18ቱ ስላብ ነው። ከስላቡ ታች የሚወጣው 32 ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ ኢንሱሌሽን የለበሰ ዳክት ማሳለፍ ማለት ከስላቡ በታች ያለውን ኮንክሪት በሙሉ፣ ከብረቱ ጋር ማውጣት ነው። ለትንሽ ቧንቧ የሚሆን ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ስትራክቸራል መሐንዲሱን ጠይቀን፣ ከድጋፉ ርቆ በቢሙ ወገብ አካባቢ የሚሆንበት ቦታ ሊገኝ ይችል ነበር። ለዳክት አይታሰብም። ስትራክቸራል መሐንዲሱ በጽሑፍ ካልፈቀደ ሳይት ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ቢም ላይ ኮር ማሽን እንዳያነሳ አደራ።

ሌላው ሐሳብ ዳክቱን በየቢሙ ዝቅ፣ በቢሞቹ መካከል ከፍ ማድረግ ነው። ይህም ምንም አይፈይድም። ኮርኒሱ አንድ ወጥ ከፍታ ስላለው ዝቅ ያለው ቦታ አሁንም ይወስነዋል። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ መውጣትና መውረድ ሁለት ሁለት ክርን ይጨምራል። በእያንዳንዱ ክርን አየሩ ግፊት ያጣል፤ ፋኑ የተመረጠው ለቀጥተኛ መስመር ስለሆነ የመጨረሻው ክፍል አየር ያጥረዋል።

አሁን ወደ ቅርጹ እንምጣ። ጥያቄው 35 የነበረውን ቁመት 25 ስናደርግ ወርዱ ስንት ይሁን የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሌት የስፋት ማመጣጠን ነው። 60 በ 35 ማለት 2100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ለ25 ሲካፈል 84። ስለዚህ 84 በ 25 ይበቃል ይባላል። አይበቃም። ዳክቱ ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር ያው አየር ከበለጠ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ማመጣጠን ያለብን ስፋቱን ሳይሆን አቻ ዲያሜትሩን ነው። ማለትም ያንኑ አየር በዚያው የግፊት ብክነት የሚያስተላልፈውን ክብ ዳክት። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
De = 1.30 × (a × b)^0.625 / (a + b)^0.25
```

በ a እና በ b ቦታ የዳክቱን ወርድና ቁመት በሚሊ ሜትር አስገቡ። 600 በ 350 ሲገባ 496 ይወጣል። 840 በ 250 ሲገባ 480። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የግፊት ብክነት ከዲያሜትሩ ጋር በአምስተኛ ኃይል ገደማ ነው የሚቀያየረው። በስፋት ብቻ የተመጣጠነው ዳክት በየሜትሩ 18 በመቶ ያህል የበለጠ ግፊት ይበላል ማለት ነው። 900 በ 250 ግን 494 ይሰጣል፤ ከመጀመሪያው የሚለየው በ2 በመቶ ገደማ ብክነት ብቻ ነው። ፋኑን መንካት አያስፈልግም። ሥዕሉ ላይ ያለው የአየር መጠን በሰዓት 3600 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ4.8 ሜትር ወደ 4.4 ይወርዳል። ስለዚህ የአየሩ ፍሰት ራሱ ተጨማሪ ድምፅ አያመጣም።

ድምፅ ሊመጣ የሚችለው ከሌላ በኩል ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ላሜራ ፋኑ ሲነሳና ሲጠፋ እንደ ከበሮ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ለ60 የተመረጠውን የላሜራ ውፍረት ለ90 እንዳትጠቀሙ። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ለ90 ወርድ የተጻፈውን ውፍረትና የማጠናከሪያ ርቀት ተከተሉ። ሰፊው ፊት ላይ የመስቀል እጥፋት ይውጣለት። ቁመቱን ከዚህ በላይ መቀነሱንም አልመክርም። የወርድና የቁመት ንጽጽሩ አሁን 3.6 ለ 1 ነው፤ ከ4 ለ 1 ባያልፍ ይመረጣል። 120 በ 20 ብናደርገው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እናተርፋለን፤ ግን ላሜራው ወደ ግማሽ ገደማ ይጨምራል፣ የኮሪደሩንም ወርድ ይበላዋል።

በአዲሱ ቅርጽ ከላይ እንደገና እንውረድ። 3.02 ላይ ጀመርን። 25 እና በየጎኑ 4 ሲደመር 33 ነው፤ ታቹ 2.69። ቻናሉ 4፤ 2.65። ለመብራትና ለጣውላ 12፤ 2.53። ኮርኒሱ 2.50 ላይ ስለሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ቀረን። ይህ 3 ሳንቲ ሜትር ለቢሙ መዛነፍና ለአሠራር ስህተት የተያዘ ነው። አርክቴክቱ «እንግዲህ 2.53 ከደረሰ 2.55 ብናደርገውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሴ አይሆንም ነው። ኮንክሪት በሥዕሉ ልክ አይወጣም። አንዱ ቢም 2 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከተገኘ ኮርኒስ ሠሪው ፍሬሙን ከቻናሉ ጋር ያጋጫል፣ ከዚያ ኮሪደሩ መሐል ላይ የሚታይ ሆድ ይወጣል።

ዳክቱ በኮሪደሩ ወርድ ላይ የት ይሁን? ኮሪደሩ 2.00 ሜትር ነው። የአየር ቅርንጫፎቹ በሙሉ የሚገቡት በአንድ በኩል ባሉት ክፍሎች ነው፤ በሌላው በኩል ደረጃ፣ ዕቃ ቤትና መጸዳጃ ናቸው። ስለዚህ ዳክቱን ወደ ክፍሎቹ ግድግዳ አስጠጉት፤ ኢንሱሌሽኑ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በኢንሱሌሽኑ 98 ስለሚይዝ በሌላው በኩል 92 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለማንጠልጠያው ሮድ 5 ያህል ቀንሱ። የቀረው ለ30 ሳንቲ ሜትር ኬብል ትሬይና ለእሳት ማጥፊያ ቧንቧው ነው። እንዲህ ከሆነ አንድም የአየር ቅርንጫፍ ትሬዩን አያቋርጥም። ዳክቱን መሐል ላይ ሰቅለን ቢሆን ኖሮ ትሬዩ ጠባቡ ጎን ላይ ይታፈን ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሠሪው ኬብል ለመዘርጋት እጁን የሚያስገባበት አያገኝም።

60 በ 35 ሆኖ ከሻፍቱ የሚወጣውን ዳክት ወደ 90 በ 25 የሚቀይረው ቁራጭ ከመጀመሪያው ቢም በፊት ያልቅ። ዳክቱ በግድግዳው ጎን ቀጥ ስለሚል 30 ሳንቲ ሜትሩ ሁሉ የሚሰፋው በአንድ ወገን ነው። መክፈቻው ከ15 ዲግሪ እንዳይበልጥ ቁራጩ 1.20 ሜትር ይርዘም። አጭር ከሆነ አየሩ ከሰፊው ጎን ይለያል፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍም ዋናውን አየር ሳያገኝ ይቀራል።

አሁን ጥያቄያችሁ ውስጥ ወዳልተነሳው ነገር ልምጣ። ከመጸዳጃው የሚወጣ 11 ሳንቲ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ኮሪደሩን ያቋርጣል። ሳኒተሪ ሥዕሉ ላይ አለ፤ ሜካኒካሉ ላይ ስለሌለ ብዙ ሰው አያየውም። ከኮርኒስ በላይ ቦታ ስንከፋፍል ቅድሚያ የምንሰጠው ለፍሳሽ ነው። ዳክት ቅርጹን ይቀይራል፣ ኬብል ይታጠፋል፣ ፍሳሽ ግን በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ተዳፋቱን ልንሰርቀው አንችልም። ደግነቱ ቧንቧው ከቢሞቹ ጋር ትይዩ ሆኖ በሁለት ቢም መካከል ነው የሚያልፈው። የስላቡ ታች 3.37፣ የዳክቱ ላይ 3.02፤ መካከሉ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ቧንቧው ኮሪደሩ ውስጥ ሲገባ ታቹ 3.16 ላይ ይሁን። በ1 በመቶ ተዳፋት በ2 ሜትር ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ ሲወጣ 3.14 ይሆናል። ከዳክቱ በላይ 12 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። መገጣጠሚያው ከኬብል ትሬዩ በላይ እንዳይወድቅ ብቻ ተጠንቀቁ። ይህ ቧንቧ ከዳክቱ በፊት ይሰቀል፤ ዳክቱ ከተሰቀለ በኋላ በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚሠራ እጅ የለም።

ስለ ቅደም ተከተል ካነሳን ከዳክቱ በታች ያለው 12 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አይደለም። የመብራቱና የጣውላው ነው። ኮርኒሱ ሳይዘጋ ክፍት ስለሚታይ አንዱ ኮንዲዩት፣ ሌላው የውሃ መስመር ሊያሳልፍበት ይችላል፤ መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ይነሳል። ከዳክቱ ሥር ማንም ምንም እንዳያሳልፍ ለሁሉም ሙያ በጽሑፍ አስታውቁ።

ቅርንጫፎቹ እሳት የሚከላከለውን የኮሪደር ግድግዳ ሲያልፉ የሚገጠሙት ፋየር ዳምፐሮችም እጅ የሚደርስባቸው መሆን አለባቸው። ኮርኒሱ ጣውላው የሚነሳ ዓይነት ስለሆነ መክፈቻ አያስፈልግም። ግን ዳምፐሩ ባለበት ቦታ ከሥሩ መብራት አይሁን።

አሁን ላሜራ ሳይቆረጥ ስለምትለኩት። ከ3.05 ጀምሮ ያለው ሒሳብ ሁሉ የሥዕል ቁጥር ነው። ኮንክሪቱ ቆሟል፤ እውነተኛውን ቁጥር ማወቅ ይቻላል። በሌዘር ሌቭል የእያንዳንዱን ቢም ታች በሁለቱ ጫፍና በመሐል ለኩ። መሐሉን አትዝለሉ፤ ፎርምወርክ የሚያጎነብሰው እዚያ ነው። መነሻችሁ ግድግዳው ላይ የተሰመረው የ1 ሜትር መስመር ይሁን እንጂ የቆማችሁበት ስላብ አይሁን። ወለሉ ገና አልተነጠፈም፤ ንጣፉ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከስላቡ የለካ ሰው ቢሙን 3.10 ብሎ ይመዘግባል፤ የሌለ 5 ሳንቲ ሜትር አገኘን ብሎ ይደሰታል። ቁጥሮቻችሁ ሁሉ ከሥዕሉ በ5 ከፍ ብለው ከመጡ ስህተቱ እዚህ ነው።

ዝቅተኛው ቢም 3.02 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ ምላሽ እንዳለ ይጸናል። ከ3.02 በታች አንድም ቢም ካገኛችሁ ምርት አትጀምሩ፤ ልኩን ላኩልን። ያን ጊዜ የምንቀይረው መብራቱን ነው። በቀጭን ፓነል ተክተን ድራይቨሩን ከዳክቱ ሥር ወደ ትሬዩ ጎን ብናወጣው 12 የያዝነው ወደ 9 ይወርዳል። ጣውላው ሲነሳ ጠበብ ይላል፤ ግን ይወጣል። ኮርኒሱን ግን በራሳችሁ እንዳታወርዱት፤ የበሩ ፍሬም አለ።

ልኩ ከተረጋገጠ በኋላም ሁሉንም ዳክት በአንዴ አትስቀሉ። ዝቅተኛው ቢም ሥር አንድ ቁራጭ ከነኢንሱሌሽኑ ስቀሉ፤ ከሥሩ ጥቂት የኮርኒስ ፍሬም፣ አንድ መብራትና አንድ ጣውላ አድርጉ። ጣውላውን አውጥታችሁ መልሱት። ከወጣና ከተመለሰ ቀጥሉ። የዳክት መገጣጠሚያ ደግሞ ቢም ሥር እንዳይወድቅ ቁራጮቹን አስሉ፤ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ የፍላንጁን ብሎን የሚያጠብቅ ቁልፍ አይገባም።

ዋጋን በተመለከተ፣ በአንድ ሜትር የዳክት ርዝመት 1.9 ካሬ ሜትር የነበረው ላሜራ 2.3 ይሆናል፤ 21 በመቶ ጭማሪ ነው። ኢንሱሌሽኑም በተቀራራቢ ይጨምራል። ጭማሪው የሚቆጠረው ቅርጹ ለተቀየረበት ርዝመት ብቻ ነው። የዋጋና የጊዜ ጥያቄያችሁን ከምርት በፊት አቅርቡ። ቀድሞ የተመረተ 60 በ 35 ቁራጭ ካለም ቆጥራችሁ አሳውቁን፤ ከሻፍቱ እስከ መቀየሪያው ቁራጭ ባለው ርዝመት ላይ ሊገባ ይችላል።

ይህ ምላሽ ለአንደኛ ፎቅ ኮሪደር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ፎቆች ተመሳሳይ ቢመስሉም የቢሙ ቁመት አንድ መሆኑን ሳታረጋግጡ ወደዚያ አትውሰዱት። የኮርኒስ ፕላኑ፣ ሴክሽኑና የሜካኒካል ፕላኑ በ2.50 እና በ90 በ 25 ታርመው ይላኩላችኋል። እናንተ ደግሞ በእያንዳንዱ ቢም ላይ የተለካውን የቢም ታች፣ የዳክቱን ታችና የኮርኒሱን ከፍታ የሚያሳይ ሾፕ ድሮዊንግ ላኩ። እሱ ሲጸድቅ ላሜራው ይቆረጣል።